እግሩን ለማስነሳት አንድ መድኃኒት፣ ስሜቱን ለማንሳት ሌላ? በፓርኪንሰን የዶፓሚንና የሴሮቶኒን መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ

ፓርኪንሰን የገባበት ቤት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ይነሳል። የመጀመሪያውን ሁሉም ያየዋል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ይጎተታል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛው ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው። «ዝም አሉ እኮ፤ ቡና ሲፈላ እንኳ ከመኝታ ቤት አይወጡም» ይባላል። ከሐኪም ቤት አንድ የመድኃኒት ስም ይመጣል። ጎረቤት ሌላ ይነግራል። ውጭ አገር ያለችው ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ስም በስልክ ትልካለች።

እነዚህን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው። ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ታማሚውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ቤተሰብ ነው። ምን ማየት እንዳለበት ካወቀ ምርጫውን በጣም ይረዳዋል።

መጀመሪያ፣ ነርቮች እንዴት ይነጋገራሉ?

አንድ የነርቭ ሴል መልእክቱን በራሱ ውስጥ የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው። ምልክቱ ረጅሙን ክር ይዞ እስከ ጫፉ ይሮጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ክፍተት ያጋጥመዋል፤ የሚቀጥለው ሴል አይነካውም። ክፍተቱ ሲናፕስ በሚባለው መገናኛ ላይ ያለ ሲሆን ስፋቱ 20 ናኖሜትር ገደማ ነው። ኤሌክትሪኩ እዚህ ያበቃና ሥራውን ኬሚካል ይረከበዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምልክቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል። ካልሲየሙ ሲገባ በኬሚካል የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የያዙትን ወደ ክፍተቱ ያፈሳሉ። ኬሚካሉ ክፍተቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። መልእክቱ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍተቱ መጽዳት አለበት። አብዛኛው ኬሚካል ወደ መጣበት ሴል ተመልሶ ይሳባል። የተሳበው እንደገና ይከማቻል ወይም ኤምኤኦ በሚባል ኢንዛይም ይሰባበራል።

ዶፓሚንም ሴሮቶኒንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ልዩነታቸው ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ ላይ ነው። እንቅስቃሴን የሚያግዘው ዶፓሚን በመሃል አንጎል ካለች ጠቆር ያለች ትንሽ ቦታ ይነሳል፤ ፓርኪንሰን የሚያጠቃው እነዚህን ሴሎች ነው። ሴሮቶኒንን የሚያመርቱት ሴሎች በአንጎል ግንድ መሃል ለመሃል ተደርድረው ክራቸውን ወደ ሁሉም የአንጎል ክፍል ይልካሉ። በነገራችን ላይ፣ ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ያ ግን ወደ አንጎል አይሻገርም። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን ራሱ ይሠራል።

እያንዳንዱ መድኃኒት ከላይ ካየናቸው ደረጃዎች አንዱን ነው የሚነካው። አንዱ ጥሬ ዕቃ ይጨምራል። አንዱ ተቀባዩን በቀጥታ ይነካል። አንዱ ኬሚካሉ ተመልሶ እንዳይሳብ ያግዳል። ሌላው መሰባበሩን ያዘገያል። «የቱ ኬሚካል?» ብቻ ሳይሆን «የቱ ደረጃ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ነው ምርጫውን ግልጽ የሚያደርገው።

ሁለቱን የለየው ሙከራ

በ1957 (እ.ኤ.አ.) አርቪድ ካርልሶን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለጥንቸሎች ሬሰርፒን የተባለ መድኃኒት ሰጠ። ሬሰርፒን ከረጢቶቹ እንዲራቆቱ ያደርጋል፤ ዶፓሚኑም ሴሮቶኒኑም ያልቃል። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን ጥለው ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ጥሬ ዕቃ ተሞከረ። ሴሮቶኒን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ሲሰጣቸው አልተነሱም። ዶፓሚን የሚሠራበት ዶፓ ሲሰጣቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ ነቅተው መንቀሳቀስ ጀመሩ።

በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪየቪች እና ኸርበርት ኤሪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ቪየና ውስጥ በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን ክፉኛ መመናመኑን አሳዩ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ አሜሪካ ውስጥ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ በአፍ የሚወሰድ ዶፓ ሰጥቶ ታማሚዎችን ከአልጋ አስነሳ። ካርልሶን በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ከዚህ ተነስቶ «ዶፓሚን ለእግር፣ ሴሮቶኒን ለደስታ» ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዶፓሚን ተነሳሽነትንም ይይዛል፤ አንድን ነገር ለመጀመር የሚገፋን ጉልበት ከሱ ጋር የተሳሰረ ነው። በፓርኪንሰን ደግሞ የሚጎዱት የዶፓሚን ሴሎች ብቻ አይደሉም፣ የሴሮቶኒን ሴሎችም ይቀንሳሉ። «ድባቴ ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው» የሚለው የቆየ አባባልም በማስረጃ አልጸናም። ሴሮቶኒንን የሚነኩ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ይረዳሉ፤ የሚረዱት ግን የጎደለውን ስለሞሉ ነው ማለት አይቻልም።

ለእንቅስቃሴ፦ ሌቮዶፓ ወይስ ፕራሚፔክሶል?

ሌቮዶፓ የዶፓ ዓይነት ነው፤ ዶፓሚን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ። ዶፓሚንን በቀጥታ መዋጥ አይጠቅምም፣ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርምና። ሌቮዶፓ ይሻገራል፤ ከተሻገረ በኋላ የተረፉት ሴሎች ዶፓሚን ያደርጉታል። ችግሩ ሳይሻገር በፊት ሆድና ደም ውስጥም ወደ ዶፓሚን መቀየሩ ነው። ያኔ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ለዚህ ነው ካርቢዶፓ ከሚባል አጋዥ ጋር በአንድ እንክብል የሚዘጋጀው። ማሸጊያው ላይ 25/100 ካለ 25 ሚሊግራሙ ካርቢዶፓ፣ 100ው ሌቮዶፓ ነው። 25/250 የሚልም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ፋርማሲው «ያው ነው» ብሎ ቢሰጣችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቀይሩ።

ፕራሚፔክሶል ግን ጥሬ ዕቃ አይደለም። ዶፓሚንን መስሎ ተቀባዩን ራሱ ይነካል፣ ስለዚህ የተረፉ ሴሎችን አይጠብቅም። ደም ውስጥም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሌቮዶፓ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ፕራሚፔክሶል ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱስ? በቀን ድንገት እንቅልፍ ይጥላል፣ አረጋውያንን ያቃዣል። ሌላም ቤተሰብ የማይጠረጥረው ነገር ያመጣል። ሰውየው ከቀድሞ ጠባዩ ውጭ ቁማር ይጀምራል፣ ያገኘውን ይገዛል፣ አብዝቶ ይበላል፣ ወይም የወሲብ ፍላጎቱ ከልክ ያልፋል። በ2010 የወጣ፣ 3,090 ታማሚዎችን ያየ የሰሜን አሜሪካ ጥናት እንዲህ ያለ ጠባይ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከሚወስዱት 17 በመቶ ገደማ ላይ አግኝቷል። ከማይወስዱት ላይ ያገኘው 7 በመቶ ያህል ነው። ታማሚው አፍሮ ይደብቀዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲጀመር ይህንን በግልጽ ማውራት፣ የቤቱን ገንዘብም በዓይን መከታተል ይገባል።

ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እኔ ብጠየቅ ወደ ሌቮዶፓ ነው የማደላው። በብሪታንያ በ1,620 አዲስ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመው ትልቅ ጥናትም በሌቮዶፓ የጀመሩት በእንቅስቃሴ ረገድ ትንሽ ግን የማይጠፋ ብልጫ እንዳላቸው አሳይቷል። በወጣትነቱ ለታመመ ሰው ሚዛኑ ይለያል። ወጣቶች ሌቮዶፓን ለዓመታት ሲወስዱ ሰውነት ያለ ፈቃድ የመወዛወዝ ችግር ቶሎ ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ፕራሚፔክሶልን ሊያስቀድም ይችላል።

ይህ መወዛወዝ ራሱ ሁለቱ ኬሚካሎች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የዶፓሚን ሴሎች ሲመናመኑ የሴሮቶኒን ሴሎች ሌቮዶፓውን ተቀብለው ዶፓሚን ያደርጉታል። መሥሪያው አላቸው። የለቀቁትን መልሶ የሚስበውና ልቀቱን የሚመጥነው የዶፓሚን መቆጣጠሪያ ግን የላቸውም። ስለዚህ ዶፓሚኑ አንዴ ይጎርፋል፣ አንዴ ይነጥፋል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከመወዛወዙ ጀርባ ካሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሆኖ ተገኝቷል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። ሴሌጊሊንና ራሳጊሊን የዶፓሚንን መሰባበር ያዘገያሉ፤ ኃይላቸው መለስተኛ ነው። ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ብዙዎች አርቴን የሚሉት፣ ዶፓሚንን አይነካም። አሴቲልኮሊን የሚባል ሌላ ኬሚካል ነው የሚያግደው። መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ ግን አረጋውያን ላይ ማስታወስን ያውካል፣ ያደናግራል፣ ሽንት ይይዛል። ርካሽ ነው ተብሎ ለ75 ዓመት አዛውንት መስጠቱን አልደግፍም።

ስለ ባቄላ ሁልጊዜ ስለሚጠየቅ እሱንም ልበል። እውነት ነው፣ ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ። እንዲያውም በ1913 መጀመሪያ ተነጥሎ የወጣው ከባቄላ ነው። ነገር ግን መጠኑ ከእሸት እሸት ይለያያል፣ ካርቢዶፓም የለውም። ብሉት፤ በእንክብሉ ቦታ ግን አይተካም።

ለስሜት፦ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን ወይስ አሚትሪፕቲሊን?

ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ሴሮቶኒን ወደ መጣበት ሴል ተመልሶ እንዳይሳብ ያግዳሉ። እገዳው የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው። ስሜት ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆመው ይህን ባለማወቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው ጥቅሙ ሳይሆን ማቅለሽለሽና እረፍት ማጣቱ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የሚቆዩበት ጊዜ ነው። ፍሉኦክሰቲን ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይሰነብታል። አንድ ቀን ቢረሳ ችግር የለውም። መቀየር ሲያስፈልግ ግን ያስጠብቃል፤ እንደ ሴሌጊሊን ካሉ የኤምኤኦ አጋጅ መድኃኒቶች ጋር ላለመጋጨት 5 ሳምንት መጠበቅ እንዳለበት የመድኃኒቱ መመሪያ ያዛል። ሰርትራሊን በጥቂት ቀናት ይወጣል። ሴሌጊሊን ሊጀመርለት ለሚችል የፓርኪንሰን ታማሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰርትራሊን ከተገኘ ምርጫዬ እሱ ነው።

አሚትሪፕቲሊን የቆየ መድኃኒት ነው። የሴሮቶኒንንም፣ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሌላ ኬሚካልም መመለስ ያግዳል። ለእንቅልፍና ለሕመም ስሜትም ስለሚረዳ ብዙ ይታዘዛል። ጉዳቱ አሴቲልኮሊንንም ማገዱ ነው። ፓርኪንሰን ራሱ የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ሲነሱ ግፊት ይጥላል፣ ሐሳብ ያዘገያል። አሚትሪፕቲሊን በነዚህ ሁሉ ላይ ይጨምርበታል። መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ልብን ይጎዳል፤ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ባለበት ቤት ብዙ እንክብል በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

የሴሮቶኒን መድኃኒት እንቅስቃሴን ያባብሳል የሚል ስጋት አለ። አንዳንድ ሰው ላይ መንቀጥቀጡ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን በ2012 የታተመ፣ 115 የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ለ12 ሳምንት የተከታተለ ሙከራ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን የሚባሉት የሴሮቶኒን መድኃኒቶች ድባቴን ከባዶ እንክብል በተሻለ እንደቀነሱ፣ እንቅስቃሴንም እንዳላባባሱ አሳይቷል።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ሁሉም ዝምታ ድባቴ አይደለም። ሰውየው አያዝንም፣ አያለቅስም፣ ራሱን አይወቅስም፤ ብቻ የሚያስነሳው ነገር ያጣል። የልጅ ልጁ መጥታ ስታጫውተው ይስቃል፣ በራሱ ተነስቶ ግን ምንም አይጀምርም። ይህ የተነሳሽነት መጥፋት ነው። ከዶፓሚን ጋር የበለጠ ይዛመዳል፣ የሴሮቶኒን መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ አይረዳውም።

በሰዓት የሚሞላው ወረቀት

ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው ርካሽ ነገር ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ለ3 ቀን፣ ከእንቅልፍ ከተነሱበት እስከሚተኙበት፣ በየሰዓቱ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ለእንቅስቃሴ፣ አንዱ ለስሜት፣ ከ0 እስከ 10። ከጎኑ መድኃኒት የተዋጠበትና ምግብ የተበላበት ሰዓት ይሰፍራል።

ለምሳሌ አንድ የ68 ዓመት አባት እናስብ። ሌቮዶፓ ከጀመሩ 4 ዓመት ሆኗቸዋል። 25/100 እንክብል ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት ይወስዳሉ። ቤተሰቡ «ጭንቀትና ድባቴ አለባቸው» ብሎ የስሜት መድኃኒት ሊጠይቅ ተነስቷል። ወረቀቱ ላይ የሠፈረው ግን ይህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንቅስቃሴ 8፣ ስሜት 7። እስከ 4 ሰዓት እንዳለ ይቆያል። 5 ሰዓት ላይ እንቅስቃሴ 4፣ ስሜት 3። 6 ሰዓት ላይ ሁለቱም 2። «ልቤ ይመታል፣ እሞታለሁ» የሚሉት ይህን ሰዓት ነው። ምሳ በ6 ሰዓት ተኩል፣ ሥጋ ያለበት። መድኃኒት በ7 ሰዓት። እንቅስቃሴውም ስሜቱም የሚመለሱት ግን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ይህ በሴሮቶኒን መድኃኒት የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። የጠዋቱ ሌቮዶፓ በ4 ሰዓት ውስጥ ያልቅባቸዋል፣ ጭንቀቱም የዚያ ክፍተት አካል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉት ሴሎች ዶፓሚን አከማችተው ክፍተቱን ይሸፍኑ ነበር፤ አሁን ማከማቻው አንሷል። የቀኑ መድኃኒት የዘገየበት ምክንያት ደግሞ ምሳው ነው። ሌቮዶፓ ከፕሮቲን ከሚገኙ አሚኖ አሲዶች ጋር አንድ ማጓጓዣ ይሻማል። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ በጾም ሽሮና ምስርም ፕሮቲን አላቸው። እንክብሉ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ቢያንስ 1 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይሻላል።

ይህን ወረቀት ያየ ሐኪም ምን ሊያደርግ ይችላል? አንዱ መንገድ እዚያው እንክብል ላይ ሆኖ ጊዜውን ማጥበብ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ተኩል፣ 8 ሰዓት እና 11 ሰዓት ተኩል። የቀኑ ሌቮዶፓ ከ300 ወደ 400 ሚሊግራም ያድጋል። ምሳ በ6 ሰዓት ተኩል ይቆይ፤ የ8 ሰዓቱ እንክብል ከምሳ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ እንደገና ይሞላል። የእኩለ ቀኑ ጭንቀት ከጠፋ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም።

አሁን ሌላ ወረቀት አስቡ። እንቅስቃሴው 8 በሆነበት ሰዓት ስሜቱ 2 ነው፤ እንቅስቃሴው 3 ሲሆንም ስሜቱ 2። ጠዋትም ማታም አንድ ነው። ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። እንቅልፍ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሰበራል፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ይባላል። ሌቮዶፓውን ማጥበብ ይህን አይነካውም። ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን፣ ከምክክር ሕክምና ጋር፣ ቦታው እዚህ ነው።

ሳይታወቅ ሥራውን የሚያፈርሰው

ሌቮዶፓ የጀመረ ሰው ሲያቅለሸልሸው ፋርማሲ ሄዶ ፕላሲል ይገዛል። ፕላሲል ወይም ሜቶክሎፕራማይድ ማስታወክን የሚያቆመው የዶፓሚንን ተቀባይ በመዝጋት ነው፣ አንጎል ውስጥም ይገባል። አንዱ መድኃኒት የሚሠራውን ሌላው ይዘጋዋል። ሰውየው በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ ቤተሰብ ግን «በሽታው ባሰበት» ይላል። ለሚያቃዠው ታማሚ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንዲሁ ነው። እንዲያውም እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ጤነኛ ሰው ፓርኪንሰን የመሰለ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በሁለቱም የሰውነት ጎን እኩል ይታያል፣ ትክክለኛው ፓርኪንሰን ግን በአብዛኛው በአንድ ወገን ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የሚወሰደውን ሁሉ፣ ለጨጓራ ተብሎ የተገዛውንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ሌቮዶፓ በድንገት መቋረጥ የለበትም። መድኃኒቱ ከገበያ ሊጠፋ እንደሚችል ካሰባችሁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። በድንገት ሲቆም ኃይለኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መድረቅና መደናገር ሊከተል ይችላል። የሴሮቶኒን መድኃኒት በተጀመረ ወይም ከሴሌጊሊን፣ ከትራማዶል ወይም ከመሰል መድኃኒት ጋር በተደባለቀ በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቅበጥበጥ፣ ተቅማጥና የእግር መንፈርፈር ከመጣ የሴሮቶኒን መብዛት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም፤ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከታማሚው ከተሰማም እንዲሁ።